የ256 ቢት ኤሊፕቲክ ከርቭ ቁልፍ ከ3072 ቢት አርኤስኤ ጋር እኩል ይጠነክራል የሚባለው በምን ምክንያት ነው?

የአጋሮ መንገድ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁም። ጅማ ተቀምጬ በአጋሮ አቅጣጫ ላሉ የቡና መጋዘኖች የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ እገጣጥማለሁ። መሣሪያው የቡናውን እርጥበትና የመጋዘኑን ሙቀት ይለካና ኢንተርኔት በማይደርስበት ቦታ ውጤቱን በአጭር የጽሑፍ መልእክት ወደ ጅማ ይልካል። ንባቡ በመንገድ ላይ እንዳይለወጥ፣ ከሌላ ስልክ የተላከ የሐሰት ንባብም እንዳይቀላቀልበት፣ እያንዳንዱ መልእክት ዲጂታል ፊርማ እንዲኖረው ወስነናል።

የተቸገርነው በቦታ ጥበት ነው። አንድ አጭር መልእክት የሚይዘው 140 ባይት ብቻ ሲሆን፣ የ3072 ቢት አርኤስኤ ፊርማ ለብቻው 384 ባይት ይወስዳል። መልእክቱ ሲከፋፈል ደግሞ እያንዳንዱ ክፍል ለማያያዣ ጥቂት ባይት ስለሚሰጥ 134 ባይት ብቻ ይቀረዋል። ስለዚህ ለአንድ ንባብ የሦስት መልእክት ሂሳብ እንከፍላለን፤ ከሦስቱ አንዱ ከጠፋም ፊርማው ሊረጋገጥ አይችልም። በ256 ቢት የኤሊፕቲክ ከርቭ ቁልፍ ብንፈርም ግን ፊርማው 64 ባይት ነው፣ ለንባቡም 76 ባይት ይተርፋል።

ባልደረባዬ «በአሥራ ሁለት እጥፍ ያጠረ ቁልፍ እንዴት እኩል ሊጠነክር ይችላል?» ብሎ ሲጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ። ሁለቱን ርዝመቶች ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ሰንጠረዥ በየቦታው አይቻለሁ። እኔ የምፈልገው ምክንያቱን ነው።

ሰርቨር ጠባቂ

ሰንጠረዡ የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም የኒስት ነው፤ የ3072 ቢት አርኤስኤንና የ256 ቢት ኤሊፕቲክ ከርቭን በአንድ ረድፍ፣ በ128 ቢት ጥንካሬ፣ ማለትም ሰባሪው 2 ለ128 ያህል እርምጃ በሚያስፈልገው ደረጃ ያስቀምጣቸዋል። በዚህ በኩል ባልደረባህ የሚሠጋበት ነገር የለም። ምክንያቱ የስሌቱ ውስብስብነት ነው። በአርኤስኤ ቁጥርን ማባዛት ብቻ ሲሆን፣ በከርቭ ላይ ግን ለእያንዳንዱ ሙከራ ብዙ ማባዛትና ማካፈል ያስፈልጋል። ሰባሪው በእያንዳንዱ ግምት ብዙ ጊዜ ስለሚያጠፋ ጥቂት ቢት ይበቃል። በተጨማሪም በሁሉም ረገድ ከአርኤስኤ ይፈጥናል፤ እኔ የማስተዳድራቸውን ሰርቨሮች በሙሉ ወደዚያው አዛውሬአለሁ።

የጅሬኗ መምህርት

ሰንጠረዡ ትክክል ነው፤ የተሰጠው ምክንያት ግን ልዩነቱን አያስረዳም። በከርቭ ላይ አንዷን ሙከራ መቶ ጊዜ እጥፍ ብታዘገያት እንኳ የምትጨምረው ጥንካሬ ሰባት ቢት አይሞላም። በ3072 እና በ256 መካከል ያለውን ርቀት በዚህ መሙላት አይቻልም። ጥያቄው መዞር ያለበት ወደ አርኤስኤ ነው፤ ከርቩ እንዴት በ256 ቢት ተደላደለ ከማለት በፊት አርኤስኤ ለምን ይህን ያህል ርዝመት እንዳስፈለገው ማየት ይሻላል።

አርኤስኤን የሚሰብር ሰው ቁልፍ በቁልፍ እየገመተ አይሄድም። ይፋዊው ቁልፍ ውስጥ ያለውን ትልቅ ቁጥር ወደ ሁለቱ ብቸኛ ቁጥሮች ለመመለስ አቋራጭ አለው፣ አቋራጩም ከትናንሽ ብቸኛ ቁጥሮች የተሠራ ነው። በትንሽ ቁጥር ላሳይ። ይፋዊው ቁጥር 2323 ነው እንበል። 49 በራሱ ሲባዛ 2401 ይሆናል፤ 2323 ሲቀነስለት 78 ይቀራል። 55 በራሱ ሲባዛ 3025 ነው፤ ከዚያም 702 ይቀራል። ሁለቱን ቀሪዎች ብንበትናቸው የሚከተለውን እናገኛለን፦

```
78  = 2 × 3 × 13
702 = 2 × 3 × 3 × 3 × 13
78 × 702 = 54756 = 234 × 234
```

78ም ሆነ 702 ብቻውን የማንም ቁጥር ስኩዌር አይደለም። ሲባዙ ግን 2ቱም፣ 3ቱም፣ 13ቱም ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለተገናኙ ውጤቱ የ234 ስኩዌር ሆነ። በሌላው ወገን 49 እና 55 ተባዝተው 2695 ይሰጣሉ፤ ይህም ለ2323 ሲካፈል 372 ይተርፋል። ስለዚህ የ372 ስኩዌርና የ234 ስኩዌር ለ2323 ሲካፈሉ አንድ ዓይነት ቀሪ አላቸው ማለት ነው። የሁለቱን ልዩነት 138ን ወስደን ከ2323 ጋር ያለውን ትልቁን የጋራ አካፋይ ብንፈልግ 23 እናገኛለን፣ ሌላኛውም 101 ነው። አንድም ቁልፍ ሳንገምት ቁጥሩ ተበተነ።

ትልልቆቹ ሰባሪ ስልቶች የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ወደ ትናንሽ ብቸኛ ቁጥሮች የሚበተኑ ቀሪዎችን በብዛት ያጠራቅማሉ፣ ከዚያም ጥንድ ጥንድ የሚሆኑትን እያገናኙ ስኩዌር ይፈልጋሉ። ከሁሉም የሚፈጥነው ነምበር ፊልድ ሲቭ የሚባለው ነው። በየካቲት ወር 2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዚህ ስልት 829 ቢት የሆነ የአርኤስኤ ቁጥር ተበትኗል፤ የፈጀው ስሌት በአንድ የፕሮሰሰር ኮር ቢሠራ 2700 ዓመት ገደማ የሚወስድ ነበር። ቁጥሩን ስታሳድገው ቀሪዎቹ ይተልቁና በትናንሽ ቁጥሮች የሚበተኑት ይሳሳሉ፤ ሰባሪውም በምላሹ የትናንሽ ቁጥሮቹን ዝርዝር ያሰፋል። በዚህ ምክንያት የአርኤስኤ ጥንካሬ ከርዝመቱ ጋር እኩል አይራመድም። 2048 ቢት የሚሰጠው 112 ቢት ጥንካሬ ነው፤ 128 ለመድረስ 3072፣ 192 ለመድረስ 7680፣ 256 ለመድረስ ደግሞ 15360 ቢት ያስፈልጋል።

የሁለተኛ ዓመት ተማሪ

መምህርት፣ ምሳሌውን በወረቀት ደግሜ ሠርቼ ተረዳሁት። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። በከርቭ ላይ ያሉ ነጥቦችም በመጨረሻ በኮምፒውተር ውስጥ ቁጥሮች ናቸው፤ አንድ ነጥብ ማለት የኤክስና የዋይ ዋጋ ነው። እነዚያን ዋጋዎች ወደ 2፣ 3 እና 5 በትኖ ያንኑ ስልት መሥራት የማይቻለው ለምንድን ነው?

የጅሬኗ መምህርት

የተነሣው ጥያቄ የጉዳዩ ዋና ነጥብ ነው፣ ስለዚህ በቅርበት እንየው። ይህን ትንሽ ከርቭና በላዩ ያለውን መነሻ ነጥብ ጂን እንውሰድ፦

```
y² = x³ + 3x + 8   (mod 23)
G = (1, 9)
```

ስሌቱ ሁሉ ለ23 ሲካፈል በሚተርፈው ቀሪ ነው። ሁለት ነጥቦችን ለመደመር በሁለቱ መካከል መስመር ይሰመራል፤ መስመሩ ከርቩን የሚነካበት ሦስተኛው ቦታ በዋይ አቅጣጫ ሲገለበጥ ድምራቸውን ይሰጣል። አንድን ነጥብ ከራሱ ጋር ስንደምር መስመሩ ነጥቡ ላይ ከርቩን ታክኮ የሚያልፈው ነው። ጂን ከራሱ ጋር ስንደምር እንዲህ ይሆናል፦

```
s = (3·1² + 3) / (2·9) = 6/18 = 1/3 = 8    (3·8 = 24 ≡ 1)
x = 8² − 1 − 1 = 62 ≡ 16
y = 8·(1 − 16) − 9 = −129 ≡ 9
2G = (16, 9)
```

በዚሁ ብንቀጥል 3G (6, 14)፣ 4G (17, 21)፣ 5G (7, 21) ይሆናሉ። ከርቩ ላይ በጠቅላላው 29 ነጥቦች አሉ፣ በመደመሩ እንደ ዜሮ የሚያገለግለውን ወሰን የለሹን ነጥብ ጨምሮ፤ 29ኛው ድምር ወደ እርሱ ይመለሳል። የግል ቁልፉ ጂ ስንት ጊዜ እንደተደመረ የሚናገረው ቁጥር ነው፣ ይፋዊው ቁልፍ ደግሞ የተደረሰበት ነጥብ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ። ከነጥቦቹ ሁሉ ትንሽ የሚመስለው ኤክሱ ዜሮ የሆነው (0, 13) ነው። ይህ ነጥብ ግን 15G ነው፤ ጥንዱ (0, 10) ደግሞ 14G ነው። የኤክስ ትንሽነት ነጥቡ ስንተኛው እንደሆነ ምንም አይናገርም። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተራ ቁጥሮችም ተመሳሳይ ችግር አለባቸው። ዋናው ልዩነት ማባዛቱ ላይ ነው። 78 ማለት 2፣ 3 እና 13 ተባዝተው የሰጡት ነው፤ ስለዚህ ስለ ትናንሾቹ ያወቅነው ሁሉ ስለ 78 ያገለግለናል። አንድን የከርቭ ነጥብ ግን የኤክሱን ዋጋ በትነን ከሌሎች «ትናንሽ ነጥቦች» የተደመረ ነው ማለት አንችልም፤ ምክንያቱም የነጥብ መደመር የኤክሶችን ማባዛት አይደለም። 16 ሁለት ለአራት ጊዜ ሲባዛ የሚገኝ መሆኑ (16, 9) በ(2, …) በኩል እንዲደረስበት አያደርግም። በዚህ ከርቭ ላይ ኤክሱ 2 የሆነ ነጥብም ጭራሹን የለም።

ቪክተር ሚለርና ኒል ኮብሊትዝ እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው በ1985 ይህን መዋቅር ለምስጠራ ሲያቀርቡ ሚለር ያመለከተው ይህንኑ ነበር፦ በተራ ቁጥሮች ላይ የሚሠራው በትናንሽ ቁጥሮች የመበተን ስልት በከርቭ ላይ የሚይዘው ነገር አያገኝም።

ሰባሪው አቋራጭ ሲያጣ የሚቀረው በማንኛውም መዋቅር ላይ የሚሠራው የፖላርድ ስልት ነው። ሰባሪው ጂን እና ይፋዊውን ነጥብ ኪውን በተለያየ መጠን እየደመረ ይጓዛል፣ አንድ ነጥብ ሁለት ጊዜ እስኪመጣለትም ይጠብቃል። በእኛ ከርቭ ኪው (0, 13) ነው እንበል። ሰባሪው 3G + 2Q ሲሠራ (17, 21) ላይ ይደርሳል፤ በሌላ ጉዞ G + 6Q ሲሠራም እዚያው (17, 21) ላይ ይደርሳል። እንግዲህ የግል ቁልፉን k ብንለው፦

```
3 + 2k ≡ 1 + 6k   (mod 29)
4k ≡ 2,   k = 15
```

የግል ቁልፉ ወጣ። እንዲህ ያለ ግጥሚያ ለማግኘት የሚያስፈልገው ጉዞ በግምት የነጥቦቹ ብዛት ስኩዌር ሩት ያህል ነው፤ ለ29 ነጥቦች ሰባት ገደማ ነው። ለ256 ቢት ከርቭ ግን 2 ለ128 ጊዜ ራሱን በራሱ የሚያባዛውን ያህል ነው። የከርቭ ጥንካሬ የቁልፉ ርዝመት ግማሽ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፣ ቁልፉ በረዘመ ቁጥርም ያ ግማሽነቱ አይለወጥም። 192 ቢት ጥንካሬ ሲፈለግ 384 ቢት ይበቃል፤ አርኤስኤ ግን 7680 ላይ ነበር።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። በ2009 በሎዛን የሚገኙ ተመራማሪዎች ከ200 በላይ የፕሌይስቴሽን 3 ማሽኖችን አገናኝተው የ112 ቢት ከርቭ ቁልፍ አውጥተዋል፤ ሥራው ወደ 2 ለ56 የሚጠጋ እርምጃ ወስዷል፣ ማለትም የርዝመቱን ግማሽ።

ጋሼ ቆጪ

ልጆች፣ ማብራሪያውን በትኩረት አነበብኩ። እኔ በቢሮዬ ኮምፒውተር ላይ ፋይሎቼን የምቆልፍበት ፕሮግራም «ኤኢኤስ 256» ይላል። መምህርት እንዳሉት ጥንካሬው ግማሽ ከሆነ ለዓመታት ስጠቀምበት የኖርኩት 128 ብቻ ነው ማለት ነውን? የዋይፋይ መሣሪያዬም እንዲሁ ነው። ሁሉንም ወደ 3072 ማሳደግ ይኖርብኛል?

ሰርቨር ጠባቂ

ጋሼ፣ የእርስዎ ሌላ ጉዳይ ነው፤ አይስጉ። ኤኢኤስ መቆለፊያውም መክፈቻውም አንድ ሚስጥራዊ ቁልፍ ነው፣ ይፋዊ ቁልፍ የለውም። በይፋ የተቀመጠ ነጥብ ስለሌለ ሰባሪው የሚያጋጥመው ነገር አያገኝም፣ ስለዚህ እዚያ 256 ማለት 256 ነው። 3072 ቢት የሚባል ኤኢኤስም የለም።

የሁለተኛ ዓመት ተማሪ

«በሁሉም ረገድ ይፈጥናል» የተባለውን በላፕቶፔ ሞክሬው ነበር፦

```
openssl speed rsa3072 ecdsap256
```

ሲፈርም ከርቩ አርኤስኤን በብዙ እጥፍ ይቀድማል፤ ፊርማውን ሲያረጋግጥ ግን አርኤስኤ ነው የቀደመው። ለአጋሮ መንገድ የሚሻለው የቱ ነው?

የጅሬኗ መምህርት

የታየው ውጤት የሚጠበቅ ነው። አርኤስኤ ሲያረጋግጥ የሚጠቀምበት ይፋዊ አርቢ ብዙውን ጊዜ 65537 ስለሆነ ሥራው ጥቂት ማባዛት ብቻ ነው፤ ሲፈርም ግን በሙሉ ርዝመት ባለው የግል ቁልፍ ይሠራል። በአጋሮ መንገድ ጉዳይ የሚፈርመው በባትሪ የሚሠራው ትንሹ መሣሪያ ነው፣ የሚያረጋግጠው ደግሞ ጅማ ያለው ኮምፒውተር ነው። ድካሙ የወደቀው በትክክለኛው ወገን ላይ ነው። በተገላቢጦሹ፣ አንድ ፊርማ በሺህ በሚቆጠሩ ደካማ መሣሪያዎች የሚረጋገጥበት ሥራ ቢሆን ኖሮ ሌላ ምክር እሰጥ ነበር።

የአጋሮ መንገድ

ለባልደረባዬ ምሳሌዎቹን በሙሉ አሳየሁት፤ በ2323 እና በ(0, 13) ላይ ረጅም ጊዜ ቆየን። እርሱ አሁን ሌላ ሐሳብ አምጥቷል፦ ማንም የማያውቀው የራሳችን ከርቭ ብንሠራ ይበልጥ አይጠነክርም ወይ? ደግሞስ አንድ ከርቭ ደካማ መሆኑ በምን ይታወቃል?

የጅሬኗ መምህርት

እባካችሁ አታድርጉት። ግማሽ ይሆናል ያልኩት በደንብ ለተመረጠ ከርቭ ብቻ ነው። የነጥቦቹ ብዛት ወደ ትናንሽ ብቸኛ ቁጥሮች የሚበተን ከሆነ ሰባሪው ሚስጥሩን በየክፍሉ ለየብቻ ያወጣዋል፤ ስለዚህ ብዛቱ ራሱ ብቸኛ ቁጥር ቢሆን ይመረጣል፣ በእኛ ምሳሌ 29 እንደሆነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ የነጥቦቹ ብዛት ስሌቱ ከሚሠራበት ብቸኛ ቁጥር ጋር እኩል ሲሆን ነው። እንዲህ ያለ ከርቭ የቱንም ያህል ቢረዝም በአንድ ተራ ኮምፒውተር በአጭር ጊዜ ይሰበራል፤ ይህም በ1990ዎቹ መጨረሻ ታይቷል። ሁለቱንም ለማወቅ የነጥቦቹን ብዛት መቁጠር ግድ ነው፣ በ256 ቢት ደግሞ ይህ የሚሠራበት ራሱን የቻለ ስልት አለ። በብዙ ዓይን የታየ ከርቭ ይሻላል።

አሁን ግን ከከርቩ ይልቅ የሚያሳስበኝ መሣሪያው ነው። ኢሲዲኤስኤ በሚባለው የፊርማ ስልት እያንዳንዱ ፊርማ አዲስ የዘፈቀደ ቁጥር ይፈልጋል። በትንሽ መሣሪያ ላይ ኃይሉ ጠፍቶ ሲመለስ የዘፈቀደ ቁጥር አመንጪው ከዚያው ቦታ ሊነሣ ይችላል። ለሁለት የተለያዩ ንባቦች አንድ ዓይነት ቁጥር ከወጣ የሚሆነው ይህ ነው፤ እዚህ k የዘፈቀደ ቁጥሩ፣ s1 እና s2 የሁለቱ ፊርማዎች ሁለተኛ ክፍሎች፣ h1 እና h2 ደግሞ የንባቦቹ ሃሽ ናቸው፦

```
s1 − s2 = k⁻¹ · (h1 − h2)
```

ከዚህ ቀመር ማንም ሰው መጀመሪያ የዘፈቀደ ቁጥሩን፣ ቀጥሎም የግል ቁልፋችሁን በአንድ መስመር ያወጣል፤ 2 ለ128 እርምጃ አያስፈልገውም። ምልክቱን ለመለየት ቀላል ነው፦ የደረሷችሁን ፊርማዎች ደርድሩና የመጀመሪያዎቹን 32 ባይቶች አወዳድሩ። ሁለት ፊርማዎች በዚያ ክፍል አንድ ከሆኑ ቁልፉ ወጥቷል ብላችሁ ወዲያውኑ ቀይሩት። በ2010 የፕሌይስቴሽን 3 መፈረሚያ ቁልፍ የተጋለጠው በዚሁ ስሕተት ነበር። ኢዲ25519 የሚባለው ስልት ይህን ቁጥር ከመልእክቱና ከግል ቁልፉ ራሱ እያሰላ ስለሚያወጣ ከዚህ ችግር ነፃ ነው፤ ፊርማውም እንዲሁ 64 ባይት ነው። ለእናንተ እርሱን እመርጣለሁ።

ሰርቨር ጠባቂ

እኔ የኒስትን የ256 ቢት ከርቭ፣ ፒ-256ን እመርጣለሁ፤ በየሃርድዌሩ ላይ ይገኛል፣ አብዛኞቹ የሰርቲፊኬት ሰጪዎችም የሚቀበሉት እርሱን ነው። የዘፈቀደ ቁጥሩንም ልክ እንደ ኢዲ25519 ከመልእክቱ እያሰሉ የሚያወጡ የኢሲዲኤስኤ ላይብረሪዎች አሉ።

የጅሬኗ መምህርት

ላይብረሪው ያን የሚያደርግ ከሆነ በዚያ ላይ አልከራከርም። የሚቀረኝ የፒ-256 መነሻ ቁጥር ነው። ከርቩ የተገኘው ከአንድ ረጅም መነሻ ቁጥር በሃሽ ተሰልቶ ነው፤ ያ መነሻ ቁጥር ለምን እንደተመረጠ ግን የተሰጠ ማብራሪያ የለም። ድክመት እስካሁን አልተገኘበትም። የኢዲ25519 ከርቭ ቁጥሮች ግን ለምን እንደተመረጡ ተጽፎ ስለሚገኝ ማንም ሰው ምርጫውን ደግሞ ሊከተለው ይችላል።

ጋሼ ቆጪ

እኔ የምጠይቀው ስለ ጊዜ ነው። የቡና ውል ሰነድ ለብዙ ዓመታት ይቀመጣል። ኳንተም ኮምፒውተር ሲመጣ ይህ ሁሉ ይፈርሳል ሲባል እሰማለሁ። ያን ጊዜ ረጅሙ አርኤስኤ አይሻልም ነበር?

የጅሬኗ መምህርት

ጋሼ፣ የሰሙት እውነት ነው። የሾር ስልት አርኤስኤንም ከርቩንም ይሰብራል። በዚያ ማሽን ፊት ደግሞ የቁልፉ ማጠር ጉዳት ነው፤ የ256 ቢት ከርቭን ለመስበር የ3072 ቢት አርኤስኤን ለመስበር ከሚያስፈልገው ያነሰ ማሽን ይበቃል። እስካሁን ያየነው የአጭርነት ብልጫ ዛሬ ባሉን ኮምፒውተሮች ላይ የቆመ ነው። አርኤስኤን በማስረዘም ግን ከዚህ ማምለጥ አይቻልም፤ ማሽኑ የሚያድገው ከቁልፉ ርዝመት ጋር በቀላል መጠን ነው። ኒስት በነሐሴ 2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለዚህ የሚሆኑ አዳዲስ ስልቶችን አጽድቋል፣ ነገር ግን ከመካከላቸው ኤምኤልዲኤስኤ-65 በሚባለው አንድ ፊርማ 3309 ባይት ነው። በአጭር መልእክት ቢላክ ሃያ አምስት መልእክት ይሞላል።

የአጋሮ መንገድ

የእርጥበት ንባቡ ዋጋ የሚኖረው ቡናው ከመጋዘን እስኪወጣ ድረስ ስለሆነ ለእርሱ 64 ባይቱን ፊርማ እንይዛለን። የውል ሰነዱ በአጭር መልእክት ስለማይላክ ትልቁን ፊርማ ሊሸከም ይችላል፤ እርሱን ለብቻው እናየዋለን። ባልደረባዬ ግን አሁንም ወደ ፒ-256 ያዘነብላል፣ ምክንያቱም የገዛነው ቺፕ የግል ቁልፉን በውስጡ ቆልፎ የሚፈርመው በእርሱ ብቻ ነው። ቺፑ የዘፈቀደ ቁጥሩን ከየት እንደሚያመጣ በሰነዱ ላይ አልተጻፈም። የመጀመሪያዎቹን ፊርማዎች ሰብስቤ የፊት 32 ባይታቸውን ካወዳደርኩ በኋላ ውጤቱን እዚህ አስቀምጣለሁ።

የጅሬኗ መምህርት

ስታወዳድር መሣሪያውን ሆን ብለህ ደጋግመህ አጥፋው፣ ባትሪውንም ነቅለህ መልሰው፤ ድግግሞሹ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከመነሣት በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ፊርማዎች ላይ ነው። በተጨማሪም አንድ ዓይነት ንባብ ሁለት ጊዜ አታስፈርመው፣ በእያንዳንዱ ላይ ተራ ቁጥር ጨምርበት። ቺፑ ቁጥሩን ከመልእክቱ የሚያሰላ ከሆነ አንድ መልእክት አንድ ፊርማ ይሰጣል፣ ያም ጉድለት ሳይሆን ጉድለት ሊመስልህ ይችላል።